ከኢኮ ፎቶ ላይ የልብ ክፍሎችን ስፋትና በልብ ዙሪያ ያለ ውሃን መገመት፦ ደረጃ በደረጃ

በደረት ራጅ ላይ ልብ ሰፍቶ ታይቷል። ኢኮም ተሠርቷል። እናንተ እጅ የገቡት ግን ሁለት ሦስት የታተሙ ፎቶዎች ወይም በቴሌግራም የተላኩ ምስሎች ብቻ ናቸው። መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የሰፋው ልቡ ራሱ ነው ወይስ በዙሪያው ውሃ ተጠራቅሞ ነው?

ልዩነቱ ሕክምናውን ይቀይራል። ልቡ ሰፍቶ ሳንባ ውሃ ለያዘ ሰው ላሲክስ ይረዳዋል። በዙሪያው ውሃ ተጠራቅሞ ልቡን እየተጫነው ላለ ሰው ግን ያው ላሲክስ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንስና የደም ግፊቱን ሊጥለው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፎቶውን እንዳየ ዓይኑ ወደ ጥቁሩ ቦታ ስለሚሮጥ ነው። ታች ያለው ቅደም ተከተል ይህን ለማስቀረት ነው። የተጻፈው ለኢንተርኖች፣ ለጠቅላላ ሐኪሞችና ለጤና መኮንኖች ነው። ቁጥሮቹ የአዋቂ ናቸው፤ ለሕፃናት አትጠቀሙባቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ቢያንስ ሁለት እይታ ይኑራችሁ። አንደኛው ፓራስተርናል ሎንግ አክሲስ ነው፤ ከዚህ በኋላ «ረዥሙ እይታ» እለዋለሁ። ሁለተኛው ኤፒካል ፎር ቻምበር ነው፤ «አራት ክፍሉ» እለዋለሁ። ከጎድን አጥንት ሥር የሚነሳው ሰብኮስታል ከተጨመረ በጣም ጥሩ ነው። በአንድ እይታ ብቻ ስለ ውሃ አትወስኑ።

እያንዳንዱ ፎቶ ሦስት ነገር መያዙን አረጋግጡ። በጎን በኩል የሚወርደው የጥልቀት መለኪያ ነጥብ አለ? ታች የኢሲጂ መስመር አለ? ማራገቢያ የመሰለው ምስል እስከ ታችኛው ጠርዙ ድረስ ሙሉ ነው?

ፎቶ የሚልክላችሁ ሰው ብዙውን ጊዜ የታካሚውን ስም ለመደበቅ ብሎ ጠርዙን ይቆርጠዋል። ስሙን መደበቁ ትክክል ነው። ነገር ግን ከስሙ ጋር መለኪያውም ኢሲጂውም ይሄዳል። ስለዚህ «አትቁረጠው፣ ስሙ ላይ ወረቀት አድርገህ አንሳው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ማስመሪያ፣ እርሳስና ካልኩሌተር ያዙ።

## ደረጃ 1፦ የትኛው ክፍል የት እንዳለ ለዩ

በረዥሙ እይታ ከላይ ያለው ቀኝ ቬንትሪክል ነው። ከሥሩ መሐል ላይ ሰፊው ክፍል ግራ ቬንትሪክል ነው። በቀኝ በኩል ከላይ አኦርታ፣ ከሥሩ ግራ ኤትሪየም ይታያል። ከግራ ኤትሪየም ጀርባ ትንሽ ክብ ጥቁር ነገር ፈልጉ። ወደ ታች የሚወርደው አኦርታ ነው። ደረጃ 5 ላይ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ስለሚቆም አሁኑኑ በእርሳስ ክበቡት።

በአራት ክፍሉ እይታ የልብ ጫፍ ወደ ላይ ነው፤ ኤትሪየሞቹ ታች ናቸው። በካርዲዮሎጂ ልማድ ግራ ቬንትሪክል በስክሪኑ ቀኝ በኩል ይቀመጣል። ድንገተኛ ክፍል የሠለጠኑ አንዳንድ ሰዎች ግን ገልብጠው ያነሡታል። ያልተጠበቀ «በጣም የሰፋ ቀኝ ቬንትሪክል» ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ለማጣራት ቫልቮቹን እዩ። የቀኙ ቫልቭ፣ ትራይከስፒድ፣ ከግራው ከማይትራል ይልቅ ትንሽ ወደ ልብ ጫፍ ቀርቦ ይያያዛል። ወደ ጫፉ የቀረበው ቫልቭ ያለበት ጎን ቀኝ ልብ ነው፤ በስክሪኑ የትኛውም ወገን ቢሆን።

ካልተሳካ፦ ቫልቮቹ በግልጽ የማይታዩ ከሆነ የቀኝና የግራ ንጽጽር አትሥሩ። ወደ ረዥሙ እይታ ተመለሱ።

## ደረጃ 2፦ ፎቶው በየትኛው ቅጽበት እንደቆመ እወቁ

ልብ በአንድ ምት ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል። ግራ ቬንትሪክል የሚለካው ሞልቶ በጨረሰበት ቅጽበት ማለትም በዳያስቶል መጨረሻ ነው። ግራ ኤትሪየም ግን በተቃራኒው ነው። እሱ በጣም የሚሰፋው ቬንትሪክሉ ተጨምቆ ሲያበቃ፣ በሲስቶል መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ከአንድ ፎቶ መለካት ትክክል አይሆንም። ሁለት ፎቶ ያስፈልጋል።

በኢሲጂው መስመር ላይ ፎቶው የቆመበትን ቦታ የሚያሳይ ትንሽ ምልክት አለ። ምልክቱ አር ሞገዱ ላይ ከሆነ ዳያስቶል መጨረሻ ነው። ቲ ሞገዱ የሚያልቅበት ቦታ ከሆነ ሲስቶል መጨረሻ ነው።

ኢሲጂ ከሌለ፦ ቫልቮቹን ተጠቀሙ። ማይትራሉ ተከፍቶ አኦርቲኩ ከተዘጋ ዳያስቶል ነው። አኦርቲኩ ተከፍቶ ማይትራሉ ከተዘጋ ሲስቶል ነው። ሁለቱም ከተዘጉ ግድግዳውን እዩ፦ ግድግዳው ወፍሮ ክፍተቱ ከጠበበ ሲስቶል መጨረሻ፣ ግድግዳው ሳስቶ ክፍተቱ ከሰፋ ዳያስቶል መጨረሻ ነው። አሁንም ካልታወቀ ልኩን ጻፉ፤ አጠገቡ «ቅጽበቱ አልታወቀም» በሉ።

## ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ወደ ትክክለኛ ሚሊሜትር ቀይሩ

በጎን ያሉት ነጥቦች አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሴንቲሜትር ርቀት የተቀመጡ ናቸው፤ በየ5 ሴንቲሜትሩ ትልቅ ነጥብ ይኖራል። ነገር ግን በግምት አትሂዱ። ምስሉ ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ ጥልቀት፣ ለምሳሌ 16 cm፣ ከነጥቦቹ ብዛት ጋር አመሳክሩ።

ከዚያ በወረቀቱ ላይ 5 ሴንቲሜትሩ ስንት ሚሊሜትር እንደያዘ በማስመሪያ ለኩ። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
ትክክለኛው ልክ (ሚሜ) = ወረቀት ላይ የለካችሁት (ሚሜ) × 50 ÷ 5 ሴሜው ወረቀት ላይ የያዘው (ሚሜ)
```

ከመቀጠላችሁ በፊት ፎቶው እንዳልተዛባ ፈትሹ። ሁለት ፍተሻ ይበቃል።

መጀመሪያ ከ0 እስከ 5 ያለውን ርቀትና ከ10 እስከ 15 ያለውን ርቀት አወዳድሩ። እኩል ካልሆኑ ስልኩ ዘንበል ብሎ ነው የተነሳው። በቀጥታ ከላይ ሆኖ እንደገና ያንሣው።

ቀጥሎ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ እንደሆነ እዩ። ከማራገቢያው ጫፍ በመሐል አድርጋችሁ እስከ ታችኛው ጠርዝ ለኩ። ከዚያው ጫፍ በጎኑ በኩል እስከ ማዕዘኑ ለኩ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የጎኑ ረዝሞ ከተገኘ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጧል።

የተለጠጠ ከሆነ፦ ሁሉም አልጠፋም። በረዥሙ እይታ የምንለካቸው ነገሮች፣ ማለትም ግራ ቬንትሪክል፣ ግራ ኤትሪየምና ከጀርባ ያለው ውሃ፣ ከላይ ወደ ታች የሚለኩ ስለሆኑ መለኪያው አሁንም ያገለግላል። በአራት ክፍሉ ላይ የቀኝ ቬንትሪክል ወርድ ግን ወደ ጎን ስለሚለካ ይበላሻል። እሱን ተዉት።

## ደረጃ 4፦ የክፍሎቹን ስፋት ገምቱ

### ግራ ቬንትሪክል

ረዥሙን እይታ፣ ዳያስቶል መጨረሻ ላይ የቆመውን፣ ውሰዱ። የማይትራል ቅጠሎች ጫፍ አካባቢ ከሴፕተሙ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ኋለኛው ግድግዳ ውስጠኛ ጠርዝ ለኩ። መስመራችሁ ለክፍሉ ቁመት ቀጥ ያለ መስቀለኛ ይሁን። ለወንድ እስከ 58 ሚሊሜትር፣ ለሴት እስከ 52 ሚሊሜትር ልክ ነው። ማሽኑ ራሱ ለክቶት ከሆነ ስክሪኑ ላይ LVIDd ተብሎ ታገኙታላችሁ።

ዋናው ወጥመድ ሰያፍ መስመር ነው። ካሮት በሰያፍ ሲቆረጥ ቁራጩ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ ቬንትሪክሉም በሰያፍ ከተለካ ያልሰፋው ሰፍቶ ይወጣል። ይህ ሁለት ጊዜ ሊከሰት ይችላል፦ ፎቶውን ያነሳው ሰው ልቡን በሰያፍ ሲቆርጠው፣ እናንተም መስመራችሁን በሰያፍ ስታሰምሩ። በጥሩ ረዥም እይታ ሴፕተሙና ኋለኛው ግድግዳ ትይዩ ሆነው ወደ ጎን ይሄዳሉ፤ ማይትራሉና አኦርቲኩም በአንድነት ይታያሉ። ግራ ቬንትሪክል ወደ ላይ ሽቅብ የቆመ ከመሰለ ቁጥሩን አትመኑት። የሾርት አክሲስ ፎቶ ካለ እሱን እዩ፦ ቬንትሪክሉ ክብ መሆን አለበት።

### ግራ ኤትሪየም

ሲስቶል መጨረሻ ላይ የቆመውን ረዥም እይታ ውሰዱ። ከአኦርታው ኋለኛ ግድግዳ እስከ ኤትሪየሙ ኋለኛ ግድግዳ፣ በአኦርቲክ ቫልቩ ደረጃ ለኩ። ለወንድ እስከ 40፣ ለሴት እስከ 38 ሚሊሜትር ልክ ነው።

ማስመሪያ ከሌለ ዓይን ይበቃል። በዚያው ደረጃ ቀኝ ቬንትሪክል፣ አኦርታና ግራ ኤትሪየም ከላይ ወደ ታች ሲደረደሩ ሦስቱም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ኤትሪየሙ ጎልቶ ከበለጠ ሰፍቷል ማለት ይቻላል። ግን አኦርታው ራሱ የሰፋ ከሆነ ንጽጽሩ ያታልላል።

አንድ ልብ የሚባል ነገር፦ ግራ ኤትሪየም በጣም ሰፍቶ ግራ ቬንትሪክል ልክ ከሆነ፣ በእኛ አገር በተለይ በወጣት ሴት ላይ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው በሩማቲክ የልብ ሕመም የጠበበ ማይትራል ቫልቭ ነው። የቫልቩን ቅጠሎች ውፍረት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እዩ።

### ቀኝ ቬንትሪክል

ይህን በአራት ክፍሉ ላይ በንጽጽር ገምቱ። ቀኙ ከግራው ሁለት ሦስተኛ አካባቢ መሆን አለበት። የልቡን ጫፍ መያዝ ያለበት ግራው ነው። ቀኙ ከግራው እኩል ከሆነ ወይም ጫፉን ከተጋራ ሰፍቷል። በቁጥር ከሆነ፣ ከቫልቩ በላይ ያለው ሰፊ ወርዱ በዳያስቶል መጨረሻ ከ41 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም።

ተጠንቀቁ፦ ፕሮቡ ከትክክለኛው የልብ ጫፍ ላይ ካላረፈ ልቡ አጭርና ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል፤ ንጽጽሩም ይፋለሳል። ጫፉ ሾጠጥ ያለ ሳይሆን ክብና ወፍራም ከመሰለ «ቀኝ ቬንትሪክል ሰፍቷል» ብላችሁ አትጻፉ።

## ደረጃ 5፦ ውሃውን ፈልጉ

አሁን ወደ ጥቁሩ ቦታ መሄድ ትችላላችሁ። በረዥሙ እይታ ከግራ ቬንትሪክል ኋለኛ ግድግዳ ጀርባ ተመልከቱ። ሰውየው ተጋድሞ ስለሚመረመር ውሃው መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ደማቅ ነጭ ሆኖ የሚታየው መስመር ፔሪካርዲየም፣ ልቡን የሚሸፍነው ከረጢት ነው። ጥቁሩ በግድግዳውና በዚያ ነጭ መስመር መካከል ከሆነ ብቻ በከረጢቱ ውስጥ ነው።

ቀደም ብላችሁ የከበባችሁትን ወራጅ አኦርታ አሁን ተጠቀሙበት። የልብ ከረጢት ውሃ በግራ ኤትሪየምና በአኦርታው መካከል ይገባል፤ አኦርታውን ከልቡ ያርቀዋል። የሳንባ ሽፋን ውሃ ግን ከአኦርታው ኋላ ይቀራል፤ ወደ ፊት አያልፍም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲኖሩ ነጩ መስመር በመካከላቸው ይታያል፤ ከፊቱ ያለው የልብ፣ ከኋላው ያለው የሳንባ ነው።

አኦርታው ካልታየ፦ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥልቀቱ ማነሱ ነው። ፎቶው ከኋለኛው ግድግዳ ሥር ተቆርጧል። ጥልቀቱን ጨምሮ እንዲያነሳው ጠይቁ። «ውሃ የለም» ብሎ ለመጻፍም «አለ» ለማለትም እንዲህ ያለ ፎቶ አይበቃም።

ሦስት ነገሮች ውሃ መስለው ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው ስብ ነው። ከፊት በኩል ብቻ ይገኛል፣ ከጀርባ ምንም የለም። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ነጠብጣብ አለበት። ከፊት ብቻ የታየ ክፍተት ቀዶ ሕክምና ወይም ጉዳት ባልደረሰበት ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ስብ ነው።

ሁለተኛው የብሩህነቱ ቁልፍ፣ ጌይን፣ ነው። በጣም ሲቀነስ ግድግዳው ራሱ ይጠቁርና ውሃ ይመስላል። በጣም ሲጨመር ትንሹ ውሃ ይጠፋል። ማጣሪያው ቀላል ነው። በግራ ቬንትሪክል ውስጥ ያለው ደም ጥቁር፣ ግድግዳው ግራጫ ሆነው በግልጽ ይለያያሉ? ካልተለያዩ ፎቶው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው በሰብኮስታል እይታ የሚመጣው የሆድ ውሃ ነው። ከጉበቱ ዙሪያ ይሆናል እንጂ የልቡን ክፍሎች ተከትሎ አይዞርም።

በሌላ በኩል ውሃ ሁልጊዜ ንጹሕ ጥቁር አይደለም። በቲቢ ጊዜ ነጫጭ ክሮች ሊንሳፈፉበት ይችላሉ። ደም ሲረጋ ደግሞ ግራጫ ሆኖ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል። የተወጋ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሆነ ጥቁር አለመኖሩ ነጻ አያወጣውም።

### መጠኑን ለኩ

በዳያስቶል መጨረሻ በቆመው ፎቶ፣ ክፍተቱ በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ ለኩ። ከ10 ሚሊሜትር በታች ትንሽ፣ ከ10 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ20 በላይ ብዙ ይባላል። በሲስቶል ብቻ ታይቶ በዳያስቶል የሚጠፋ ቀጭን ክፍተት ጤነኛ ሰው ላይም አለ። ቅጽበቱን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ይህን ከእውነተኛ ውሃ መለየት አትችሉም።

ከቁጥሩ ጋር ውሃው ዙሪያውን የሞላ ወይም አንድ ቦታ የተወሰነ መሆኑን ጻፉ። ውሃ ለሚቀዳው ሰው ይህ ከሚሊሜትሩ ያልተናነሰ አስፈላጊ ነው።

## ደረጃ 6፦ ፎቶ የማይነግራችሁን አትጻፉ

የቆመ ፎቶ «ታምፖናድ የለም» ሊል አይችልም። ታምፖናድ ውሃው ልቡን እየተጫነ ደም እንዳይሞላ የሚከለክልበት ሁኔታ ነው። ምልክቱ በጊዜ ውስጥ ነው ያለው። የቀኝ ኤትሪየም ግድግዳ ወደ ውስጥ መግባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከምቱ አንድ ሦስተኛ በላይ ገብቶ መቆየቱ ነው ትርጉም ያለው። የቀኝ ቬንትሪክል ግድግዳ በዳያስቶል መግባቱም በቪዲዮ ነው የሚረጋገጠው። የታችኛው ትልቁ ደም ሥር ከ21 ሚሊሜትር በላይ ሰፍቶ በትንፋሽ ከግማሽ በታች ብቻ መጥበቡም እንዲሁ።

የውሃው ብዛትም አይበቃም። በጩቤ የተወጋ ሰው ከረጢቱ ለመለጠጥ ጊዜ ስለማያገኝ 200 ሚሊ ሊትር የማይሞላ ደም ሊገድለው ይችላል። በቲቢ ቀስ እያለ የተጠራቀመ ከሆነ አንድ ሊትር ይዞ በእግሩ የሚመጣ አለ።

## በአንድ ምሳሌ እንሥራው

የ38 ዓመት ወንድ ነው እንበል። ለሁለት ወር ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ነበረው። አሁን ትንፋሽ ያጥረዋል። ራጁ ላይ ልቡ በጣም ሰፍቷል። ላሲክስ ሊጀመርለት ነው። የደረሷችሁ ሁለት ረዥም እይታና አንድ አራት ክፍል ፎቶ ናቸው።

ከ0 እስከ 5 እና ከ10 እስከ 15 ያሉት ርቀቶች ሁለቱም ወረቀቱ ላይ 31 ሚሊሜትር ሆኑ። የማራገቢያው መሐልና ጎንም እኩል ነው። ስለዚህ ምስሉ አልተዛባም።

አር ሞገድ ላይ በቆመው ረዥም እይታ ግራ ቬንትሪክል 28 ሚሊሜትር ተለካ። 28 × 50 ÷ 31 ወደ 45 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ልክ ነው። ቲ ሞገድ መጨረሻ ላይ በቆመው ግራ ኤትሪየም 22 ተለካ፤ ወደ 35 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ልክ ነው። በአራት ክፍሉ ቀኙ ከግራው ያንሳል፣ ጫፉም የግራው ነው። ልቡ አልሰፋም።

ከኋላ ያለው ጥቁር ክፍተት በዳያስቶል 14 ሚሊሜትር ተለካ፤ ወደ 23 ሚሊሜትር ነው። እዚህ አንድ ጥንቃቄ አለ። በማስመሪያ በ1 ሚሊሜትር መሳሳት ቀላል ነው፤ ያ ደግሞ በዚህ ወረቀት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። 13 ቢሆን እንኳ 21 ይሆናል። ስለዚህ «ብዙ» የሚለው አይለወጥም። 12 ቢለካ ኖሮ 19 ስለሚመጣ «ከመካከለኛ እስከ ብዙ» ማለት ይሻል ነበር።

ጥቁሩ በአኦርታውና በግራ ኤትሪየም መካከል ገብቷል። በአራት ክፍሉም በሁለቱም ጎን ይታያል። የልብ ከረጢት ውሃ ነው፣ ዙሪያውን ሞልቷል።

በአራት ክፍሉ የቀኝ ኤትሪየም ግድግዳ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ምልክቱ አር ሞገድ ላይ ነው። ያጠራጥራል፤ ግን ምን ያህል እንደቆየ ፎቶው አይናገርም። እዚህ ላይ ማስመሪያውን አስቀምጡና ወደ ታካሚው ሂዱ። የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የአንገት ደም ሥሩን እዩ። አየር ሲያስገባ የላይኛው ግፊት ከ10 በላይ ይወርዳል? ግፊቱ ወርዶ ምቱ ከፈጠነ ቪዲዮ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ውሃውን መቅዳት ለሚችል ሰው ወዲያው ደውሉ። ላሲክሱም ይቁም።

ሪፖርቱ እንዲህ ይጻፋል፦

«ከቆሙ ፎቶዎች የተነበበ። የግራ ቬንትሪክል ወርድ በዳያስቶል 45 ሚሜ፣ ግራ ኤትሪየም በሲስቶል 35 ሚሜ፤ ሁለቱም ልክ። ቀኝ ቬንትሪክል አልሰፋም። ዙሪያውን የሞላ ብዙ የልብ ከረጢት ውሃ፣ ከኋላ 23 ሚሜ። የቀኝ ኤትሪየም ግድግዳ በአንድ ፎቶ ላይ ወደ ውስጥ ገብቶ ታይቷል፤ ታምፖናድ በእነዚህ ፎቶዎች ማረጋገጥም ማስቀረትም አይቻልም። የውሃው ምክንያት ከምስሉ አይታወቅም፤ ከታሪኩ አንጻር ቲቢ ይመርመር። ቪዲዮ ያለው ኢኮ ዛሬውኑ ይደገም።»